ዛሬ ፍርሃት ስንት ገባ?

የጥርስ ሐኪም ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ። ድምፁ ተዘግቶ የአክሲዮን ገበያ ወሬ ያሳያል። የዚያን ቀን ከግርጌው የሚሮጠው መስመር ቀይ በቀይ ነበር፤ ዳው ቀይ፣ ናስዳክ ቀይ፣ ነዳጅ ሳይቀር ቀይ። ከመሃላቸው ቪክስ የሚባለው ብቻ አረንጓዴ ለብሶ ያልፋል። ማሽኑ የወጣን ቁጥር ሁሉ አረንጓዴ እንዲቀባ ስለታዘዘ እንጂ የምሥራች ተገኝቶ አልነበረም፤ ቪክስ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ሲወርድ ነውና።

አጠገቤ የተቀመጠ የአገሬ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄኛው ብቻውን ምን አግኝቶ ነው?» አለኝ።

«የፍርሃት መለኪያ ነው የሚሉት» አልኩት።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

ጋዜጠኞች ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩትና ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ጥያቄው ግን ከጥርሴ በላይ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ፤ በመጨረሻ ተቀምጬ አጣራሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ያገነኑት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ሆኖም ነገሩን የቀመረው ሰው ራሱም ማኅተሙን አሳርፎበታል። ሮበርት ዌሊ የተባሉት የፋይናንስ ፕሮፌሰር በ2000 «ጆርናል ኦፍ ፖርትፎሊዮ ማኔጅመንት» ላይ ስለ ቪክስ ያወጡትን ጽሑፍ ርእሱን በቀጥታ «የባለሀብቶች የፍርሃት መለኪያ» ብለውታል። የሚገርመው ግን እኚሁ ሰው ቪክስን ሲሠሩ መለኪያ ልሥራ ብለው አለመነሣታቸው ነው። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ፣ ሲቦ የሚባለው፣ በ1992 ዌሊን በአማካሪነት ሲቀጥራቸው የፈለገው የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ሰው አክሲዮን እንደሚገዛ ሁሉ የዋጋ መዋዠቅን ራሱን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ውል ይፈጠር ነው ነገሩ። ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ በ1993 ወጣ። ዌሊም በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያለው የመከላከያ ውል ከመጣ የዘገየ መሆኑን ገና በርእሱ ተናገሩ።

እሳቸው ዘገየ ይበሉ እንጂ ውሉ ከዚያም በኋላ አልመጣም። በቪክስ ላይ የተመሠረተ የፊውቸርስ ግብይት የተጀመረው በ2004 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥሩ የማይገዛ፣ የማይሸጥ፣ በየቀኑ የሚታይ ብቻ ሆኖ ከረመ። እንደ እኔ ግምት ቅጽል ስሙ የተወለደው ከዚህ ሥራ ፈትነት ነው። ሊነግዱበት ያልቻሉትን ነገር ማየት ብቻ ነበር የቀራቸው፤ ሲያዩት ደግሞ ገበያው በደነገጠ ቁጥር ሽቅብ ይዘላል።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አባትነቱን የሚከራከሩ አሉና አላስቻለኝም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሜናኸም ብሬነርና የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ዳን ጋላይ «ሲግማ ኢንዴክስ» ያሉትን ሐሳብ በ1989 አሳትመዋል። የመዋዠቅ ኢንዴክስ በየጊዜው እየተሰላ ይውጣ፣ በእሱም ላይ ፊውቸርስና ኦፕሽን ይመሥረት የሚል ነው። ከዌሊ አራት ዓመት ይቀድማል። እነሱን ደግሞ ጋሪ ጋስቲኖ ይቀድማቸዋል፤ የኦፕሽን ዋጋዎችን በአንድ ኢንዴክስ የመጠቅለል ሐሳብ ያሳተመው በ1977 ነው። የሲቦ ገበያ ራሱ የተከፈተው በ1973 ነውና ሕፃኑ ገና አራት ዓመቱ ሳለ ሙቀቱን እንለካው ያለ ሰው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ አባትየው ማን ነው? እኔ ፍርዴን ለዌሊ ሰጥቻለሁ፤ ሐሳቡ የእሳቸው ስለሆነ ግን አይደለም። ብሬነርና ጋላይ ሐሳብ ነበራቸው፤ ዌሊ ሐሳብም፣ ገዢም፣ የሚሰላ ቁጥርም ነበራቸው። ስሌቱንም ወደ ኋላ እስከ 1986 መጀመሪያ ወስደው ሠሩት። በዚህ የተነሣ ኢንዴክሱ ሲወለድ የጥቅምት 1987ን መቅሠፍት ተሸክሞ ተወለደ፤ ገበያው በተንኮታኮተበት ሰኞ የነበረው ቁጥር ከ150 በላይ ነው። እንዲህ ያለ የልደት ምልክት ያለበትን ልጅ «መዋዠቅ» ብሎ መጥራት ለማንም አይጥምም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ ለምን ፍርሃት? ቪክስ የሚሰላው ከአክሲዮን ዋጋ ሳይሆን ከኦፕሽን ዋጋ ነው። በኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ላይ ሁለት ዓይነት ውል ይሸጣል። ፑት የሚባለው ኢንዴክሱ በውሉ ቀን ከተባለው ልክ በታች ከወረደ ልዩነቱን ይከፍላል፤ ኮል የሚባለው ከተባለው ልክ በላይ ከወጣ ይከፍላል። ቪክስ የሚቀጥሉትን ሠላሳ ቀናት የሚመለከቱትን የእነዚህን ውሎች ዋጋ ሰብስቦ፣ ነጋዴዎቹ ምን ያህል መናወጥ እየጠበቁ እንዲህ ያለ ዋጋ ሊከፍሉ ቻሉ ብሎ ይቀምራል። አዲስ አበባ በ2025 በተከፈተው የአክሲዮን ገበያ ኦፕሽን ስለማይሸጥ፣ ገበያው ቢፈራ እንኳ ፍርሃቱ በዚህ መንገድ አይለካም።

በቀመሩ ውስጥ ፍርሃት የሚል ነገር የለም። መውጣትም መውረድም ለእሱ መናወጥ ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከገዢዎቹ ነው። የጡረታ ፈንዶችና ትልልቅ ባለሀብቶች አክሲዮኑን አስቀድመው ይዘዋል፤ የሚያስጨንቃቸው መውረዱ ነውና እንደ መድን አድርገው የሚገዙት ፑት ነው። ሲደነግጡ መድኑን ይሻሙበታል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ቪክስም አብሮ ይወጣል። ሲደሰቱ ግን ኮል ለመግዛት በዚያው ልክ አይጋፉም። በ2003 ቀመሩ ሲታደስ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት። ከገበያው ዋጋ በጣም ርቀው የሚገኙ ውሎችም ገቡ፤ የእያንዳንዱ ክብደት ውሉ በቆመበት ልክ ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኝ ሆነ። ስለዚህ 3,000 ላይ የቆመ ፑት አንድ ዶላር ሲጨምር፣ 6,000 ላይ ከቆመ ውል አንድ ዶላር አራት እጥፍ ይቆጠራል። የጥልቁ ገደል መድን ድምፁ ይጎላል ማለት ነው።

ቁጥሩን ለማንበብ ሒሳቡ ቀላል ነው። ቪክስ የሚነገረው በዓመት ልክ በመቶኛ ነውና ለቀን ሲፈለግ ለ16 ማካፈል፣ ለወር ሲፈለግ ደግሞ ለሦስት ተኩል ማካፈል ይበቃል። ቪክስ 20 ሲሆን ገበያው በተለመደ ቀን ከአንድ በመቶ ትንሽ በሚበልጥ፣ በወር ደግሞ ወደ ስድስት በመቶ በሚጠጋ ልክ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ይጠበቃል። ወደየት የሚለውን አይናገርም።

ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ቂሜ። መጋቢት 16 ቀን 2020፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ ቪክስ 82.69 ላይ ዘጋ፤ በታደሰው ቀመር ከተሰላው የመዝጊያ ቁጥር ሁሉ ትልቁ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በዚያ ቀን ብቻ 12 በመቶ ገደማ ወርዷል። ታላቅ እህቴ የጡረታ ገንዘቧን የሚያስተዳድርላት አማካሪ ነበራት። ደወለላትና «እመቤቴ፣ የፍርሃት መለኪያው ጣሪያ ነክቷል፣ እንውጣ» አላት። ወጣች።

ቁጥሩ ምን እንደሚል አብረን እናስላው። 82.69ን ለሦስት ተኩል ስናካፍል 24 በመቶ ገደማ እናገኛለን፤ በአንድ ወር ውስጥ እስከዚህ የሚደርስ መናወጥ ይጠበቃል ማለት ነው። መናወጡ መጣ። ገበያው አንድ ሳምንት ወርዶ መጋቢት 23 ወለሉን ነካ፤ ከዚያ ተነሣና በሚያዝያ አጋማሽ፣ እህቴ ከወጣችበት ቀን 17 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። በነሐሴ ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን ከፍታ አለፈ። ቪክስ ስለ መናወጡ መጠን አልዋሸም። ታች ነው ያለው አማካሪው ነው።

ይሁንና ቪክስንም ነፃ አልለቀውም፤ እሱም የሚስትበት ጊዜ አለ። ነሐሴ 5 ቀን 2024 ሰኞ ጠዋት፣ የቶኪዮ ገበያ 12 በመቶ ከወደቀ በኋላ፣ ኒው ዮርክ ገና ሳይከፈት ቪክስ 65 አለፈ። ዓርብ ሲዘጋ 23 ነበር። ቁጥሩን ያየ ሁሉ እንደ 2008 እና እንደ 2020 ያለ ነገር መጣ አለ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በዚያ ቀን የወረደው ግን ሦስት በመቶ ነው፤ ቪክስም ሲመሽ ከ39 በታች ሆኖ ዘጋ።

ምን ሆነ? ቪክስ የሚሰላው ውሎቹ በተሸጡበት ዋጋ አይደለም፤ ገዢ በሚያቀርበውና ሻጭ በሚጠይቀው መካከል ባለው ዋጋ ነው። ገዢ 1 ዶላር፣ ሻጭ 3 ዶላር ካሉ መካከሉ 2 ነው። ያን ጠዋት ነጋዴው ጥቂት፣ ገበያው ጭር ያለ ነበር። ከገበያው ዋጋ በጣም የራቁትን ፑቶች የሚሸጡት ነጋዴዎች ከእጃቸው ላለማውጣት የሚጠይቁትን ሰቀሉት። 3 የነበረው 7 ቢባል፣ ገዢው እዚያው 1 ላይ ቢቆምም መካከሉ 4 ይሆናል፤ አንድም ውል ሳይሸጥ ወደ መለኪያው የሚገባው ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የመርካቶ ሰው ይህንን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል፤ ባለሱቅ ዕቃውን መሸጥ በማይፈልግበት ቀን የሚጠራው ዋጋ የገበያ ዋጋ አይባልም። የማዕከላዊ ባንኮች ባንክ የሚባለው የባዝሉ ተቋም ጉዳዩን መርምሮ፣ ለዝላዩ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው የዋጋ ልዩነት መስፋት መሆኑን ጽፏል።

ይህን መለየት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በቪክስ ላይ የተመሠረቱት ፊውቸርሶች እውነተኛ ገዢና ሻጭ የሚገበያዩባቸው ናቸው፤ ያን ጠዋት እነሱም ወጥተዋል፣ ግን ከዋናው ቁጥር በብዙ አንሰው። ሁለቱ እንዲህ ሲራራቁ ጠርጥር። ዌሊ በ1993 ዘገየ ያሉት ዕቃ በመጨረሻ የመለኪያው መመርመሪያ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ በቅጽል ስሙ ላይ ያለኝ አቤቱታ ትንሽ ናት። ፍርሃት መለካቱ እውነት ነው፤ የማን ፍርሃት እንደሆነ ግን ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። አንዳንዴ መድን የሚገዛው ሰው ነው የፈራው፣ አንዳንዴ መድን የሚሸጠው። እህቴ በዚያ መጋቢት የፈራችው ስልኩ ከተደወለላት በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ በየትኛውም ቀመር ውስጥ አልገባም። አማካሪው ዛሬም ሥራው ላይ ነው። የአገልግሎት ክፍያውን ገበያው ቢወጣም ቢወርድም በየሦስት ወሩ ይቆርጣል፤ የማይዋዥቅ ነገር የፈለገ እሱን ይመልከት።